ዳሽቦርዳችሁን ለስልክ ስታመቻቹ፦ ያው ገጽ፣ ሞባይል ሌይአውት ወይስ ራሱን የቻለ ገጽ?

ባለፈው ለአንድ ጅምላ አከፋፋይ ዳሽቦርድ ሰርቼ ነበር። አምስት ቅርንጫፍ አላቸው፣ መርካቶ፣ አዳማ፣ ሀዋሳ፣ ባህርዳር እና ድሬዳዋ። ፓወር ቢአይ ላይ አንድ ገጽ ነው፣ ገጹ ላይ አስራ አንድ ቪዥዋል አለ፦ አራት ካርድ፣ የሽያጭ ላይን ቻርት፣ የቅርንጫፎች ኮለመን ቻርት፣ ዶናት፣ ካርታ፣ አስራ አራት ኮለመን ያለው ማትሪክስ እና ሁለት ስላይሰር። ላፕቶፕ ላይ ሲታይ አንጀት ያርሳል። ችግሩ ባለቤቱ ላፕቶፕ የሚባል ነገር አይነኩም፣ ሁሉ ነገራቸው ስልክ ነው። በሁለት ጣት እየለጠጡ፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እየጎተቱ ትንሽ ከታገሉ በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው "የኔ ልጅ፣ ይሄን የሰራኸው ለጉንዳን ነው እንዴ?" አሉኝ።

ልክ ናቸው፣ ሂሳቡን ስሩት። የፓወር ቢአይ ገጽ ምንም ካልነካችሁት 1280 በ720 ነው። አብዛኛው አንድሮይድ ስልክ ቀጥ ብሎ ሲያዝ ወርዱ በሶፍትዌር ልኬት 360 አካባቢ ነው፣ ትላልቆቹ ወደ 412 ይደርሳሉ። 1280ውን 360 ውስጥ ለማስገባት ገጹ ወደ 28 ፐርሰንት መጥበብ አለበት፣ ስለዚህ በ12 የጻፋችሁት ፊደል ከ3 ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚታየው። ስልኩን አጋድማችሁ ብትይዙትም ቁመቱ 360 ስለሚሆን 720ው በግማሽ ያንሳል፣ 12 የነበረው 6 ይሆናል። በ6 ደግሞ የላቲን ፊደል እንደምንም ይነበብ ይሆናል፣ የኛ ፊደል ግን ጩ እና ጨ፣ ሐ እና ሑ የሚለዩበት ጭረት እዛ ላይ ተደፍኖ ጥቁር ነጥብ ነው የሚሆነው።

እንግዲህ ያሉት መንገዶች ሶስት ናቸው። ያንኑ ገጽ እንዳለ መተው፣ ለዛው ገጽ ሞባይል ሌይአውት መስራት፣ ወይ ደግሞ ለስልክ ብቻ የሚሆን ቀጭን ረጅም ገጽ ከዜሮ መስራት። እኔ ሶስቱንም በተራ ሞክሬያቸዋለሁ፣ በአብዛኛው በስህተት ቅደም ተከተል።

ምንም ሳይነኩ መተው

ይሄ አማራጭ አይደለም እንዳትሉ፣ አንዳንዴ ነው። ገጹ ላይ ሶስት አራት ትላልቅ ነገር ብቻ ካለ፣ ፊደሉም 20 ምናምን ከሆነ፣ ተጠቃሚው ስልኩን አጋድሞ ያያል በቃ። አጋድሞ ማየት የሚያስቸግረው ሰው ደግሞ አለ፣ የስልኩ ስክሪን እንዳይዞር ቆልፎ የሚኖር ሰው ስንት አለ መሰላችሁ፣ የኔ ደንበኛም እንደዛ ናቸው። እንዴት እንደሚከፈት ባሳያቸውም ቀጥ አድርገው በአንድ እጅ ነው የሚይዙት፣ በሌላው ቡና አለ።

የማይሆንበትን ለማወቅ ስልክም አያስፈልጋችሁም። ላፕቶፓችሁ ላይ የብሮውዘሩን መስኮት ስልክ እስኪያክል አጥብቡና እጃችሁን ዘርግታችሁ እዩት። ቀድሞ ማንበብ የሚያቅታችሁ ቁጥር ዋናው ቁጥር ከሆነ ይሄ መንገድ አይሆንም።

ሞባይል ሌይአውት

ፓወር ቢአይ ዴስክቶፕ ላይ `View` ውስጥ ገብታችሁ `Mobile layout` ስትሉ ባዶ የስልክ ቅርጽ ያለው ሰሌዳ ይመጣል፣ ጎኑ ላይ የገጹ ቪዥዋሎች ተደርድረዋል፣ የፈለጋችሁትን እየጎተታችሁ ትጥላላችሁ፣ ያልፈለጋችሁትን ትተዋላችሁ። ወደ ታች እየረዘመ መሄድ ይችላል። ራሱ እንዲደረድርላችሁ የሚያደርግ በተንም አለው፣ ግን እሱ ለናንተ የትኛው እንደሚቀድም አያውቅም፣ መነሻ ይሆናችኋል እንጂ ጨረስኩ ብላችሁ እንዳታትሙት።

ጥሩነቱ ቪዥዋሉ ያው ቪዥዋል መሆኑ ነው። ያው ዳታ፣ ያው ፊልተር፣ ስለዚህ ስልኩ ላይ ያለው ቁጥር ላፕቶፑ ላይ ካለው አይለይም። ፎርማቱን ግን ለስልክ ብቻ መቀየር ትችላላችሁ፣ ፊደሉን ማሳደግ፣ ሌጀንዱን ማጥፋት፣ የአክሲስ ርእስ ማንሳት፣ ዴስክቶፑ አይነካም። እዚህ ጋ የምትጠነቀቁት ነገር አለ። አንድ ነገር ስልኩ ላይ ከቀየራችሁ ያ ነገር ከዴስክቶፑ ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል፣ ከሳምንት በኋላ ዴስክቶፑ ላይ የባሩን ቀለም ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ብትቀይሩ ስልኩ ላይ ቀለሙን ቀድማችሁ ነክታችሁት ከነበረ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ምን ነካው ብላችሁ ከመጨነቃችሁ በፊት ፎርማት ፔኑ ላይ ለሞባይል የተቀየረውን የሚያሳየውን ምልክት እዩ፣ እዛው ማጽዳት ይቻላል።

ገደቡ ሁለት ነው፣ ሁለቱም ከባድ ነው። አንደኛ፣ የቻርቱን አይነት ወይም ውስጡ ያለውን ፊልድ እዛ ላይ መቀየር አትችሉም። አስራ አራት ኮለመን ያለው ማትሪክስ ስልክ ላይም አስራ አራት ኮለመን ነው፣ ወደ ጎን እያንፏቀቀ የሚታይ። ዴስክቶፕ ገጹ ላይ የሌለ ቪዥዋልም ሞባይሉ ላይ ብቻ መጨመር አይቻልም። ሁለተኛ፣ ይሄ ሌይአውት የሚታየው በፓወር ቢአይ የስልክ አፕ ውስጥ ስልኩ ቀጥ ብሎ ሲያዝ ነው። ሲጋደም ያው የድሮው ሰፊ ገጽ ይመጣል። ሊንኩን ቴሌግራም ላይ ተቀብሎ በብሮውዘር የሚከፍት ሰውም የሚያየው ሰፊውን ገጽ ነው፣ እናንተ ሁለት ቀን ሙሉ ያስተካከላችሁትን ሌይአውት ጭራሽ አያየውም። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ተጠቃሚው አፑን ይጭናል ወይ፣ የፓወር ቢአይ አካውንትስ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ይሄን ሳልጠይቅ የጀመርኩበት ጊዜ አለ፣ ሰውየው "ምንም አልተለወጠም እኮ" ሲለኝ እኔ ደግሞ አትሜዋለሁ ስል ግማሽ ቀን ተከራክረናል።

በነገራችን ላይ ታብሎ የምትጠቀሙ ከሆነ እዛም ተመሳሳይ ነገር አለ፣ የስልክ ሌይአውት ብቻውን ትሰራላችሁ፣ እቃዎቹ ከዋናው ዳሽቦርድ ነው የሚመጡት። ልዩነቱ የታብሎው በብሮውዘርም ይሰራል፣ ስክሪኑ ጠባብ መሆኑን አይቶ ራሱ ይቀያይራል። ሊንክ ለሚከፍት ሰው ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው።

ለስልክ ብቻ የሚሆን ገጽ

አዲስ ገጽ ትከፍታላችሁ፣ ምንም ቪዥዋል ሳትመርጡ `Canvas settings` ውስጥ `Custom` ብላችሁ ወርድ 360 ቁመት ለምሳሌ 1400 ታደርጋላችሁ፣ እዛ ላይ የፈለጋችሁትን ቻርት በፈለጋችሁት አይነት ትሰራላችሁ። ማትሪክሱን በባር ቻርት መተካት፣ አስሩን እቃ ብቻ ማሳየት፣ ሁሉም ይቻላል። በሊንክ ለሚከፍት ሰውም ይሆናል።

ግን `Page view` የሚለውን `Fit to width` ማድረግ እንዳትረሱ። `Fit to page` ላይ ከቀረ ብሮውዘሩ 1400ውን በሙሉ አንድ ስክሪን ላይ ለማሳየት ይሞክራል፣ ለገጹ የሚተርፈው ቁመት 600 ቢሆን ወደ 43 ፐርሰንት ይጠባል ማለት ነው፣ ያደከማችሁ ሁሉ ከንቱ። ምልክቱ ግልጽ ነው፣ ገጹ መሃል ላይ እንደ ሻማ ቀጥኖ ቆሞ ግራና ቀኙ ባዶ ሆኖ ካያችሁ እሱ ነው። አፕ ላይም ለሚከፍት ሰው እንዲሆን ለዚችው ቀጭን ገጽ ሞባይል ሌይአውት ብትጨምሩላት ጥሩ ነው፣ ቪዥዋሎቹ ለስልክ የተሰሩ ስለሆኑ አስር ደቂቃም አይፈጅም።

የዚህ መንገድ ጉድ የሚመጣው በኋላ ነው። ለጅምላ አከፋፋዩ መጀመሪያ የሰራሁት እንዲህ ያለ ገጽ ነበር፣ ቆንጆ ሆኖ ነበር፣ ባለቤቱም ደስ ብሏቸው ነበር። በሶስተኛው ቀን ስራ አስኪያጁ ላፕቶፑን ይዞ ቢሮ ሲገባ የሱ ገጽ የትናንት ሽያጭ 1,792,000 ይላል፣ የባለቤቱ ስልክ 1,840,000 ይላል። 48,000 ብር የት ገባ? ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ የተለያየ ቁጥር ይዞ ሲተያይ የሚፈጠረውን ዝምታ እንዳላወራችሁ። የጠፋ ብር የለም፣ የተመለሰ እቃ ነው። ዴስክቶፑ ገጽ ላይ ተመላሽ እቃ እንዳይቆጠር ፊልተር አድርጌ ነበር፣ ግን ፊልተሩን ያስቀመጥኩት `Filters on this page` ውስጥ ነው፣ አዲሱ ገጽ ስለ እሱ የሚያውቀው ነገር የለም።

ስለዚህ ገጽ ከመጨመራችሁ በፊት የገጽ ፊልተር ያለውን ሁሉ ፈልጉና ወይ ወደ `Filters on all pages` አዛውሩት ወይ ደግሞ መዠሩ ውስጥ ራሱ አስገቡት። እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም ፊልተርን ሰው ሳያውቅ ሊያጠፋው ይችላል፣ መዠር ግን የትም ገጽ ላይ ብትወስዱት ያው ነው፦

```
Net Sales =
CALCULATE(
    SUM(Sales[Amount]),
    Sales[Type] <> "Return"
)
```

ከዛ ሁለቱን ገጽ ጎን ለጎን ከፍታችሁ ለሶስት የተለያየ ቀን ዋናውን ቁጥር አመሳክሩ። አንድ ቀን ብቻ አይበቃም፣ ተመላሽ እቃ የሌለበት ቀን ላይ ከወደቃችሁ ሁለቱ ልክ ይመስላሉ፣ ችግሩ ተደብቆ ያልፋችኋል።

ጉግል ሉከር ስቱዲዮ የምትጠቀሙ ካላችሁ፣ ድሮ ዳታ ስቱዲዮ ይባል የነበረው ማለቴ ነው፣ መሳሪያው ነጻ ነው፣ በሊንክ በብሮውዘር ነው የሚከፈተው፣ ስለዚህ በተለመደው አሰራር የሚያዋጣችሁ ይሄው ሶስተኛው መንገድ ነው፣ የገጹን ወርድና ቁመት ራሳችሁ ወስናችሁ። ፓወር ቢአይ ላይ ዴስክቶፑ ነጻ ቢሆንም ለሌላ ሰው ሼር ለማድረግ ፕሮ ላይሰንስ ይጠየቃል፣ ለአንድ ባለቤት ብቻ ሲባል ላይሰንስ መግዛት የማይፈልግ ድርጅት ካለ ምርጫው ከሌይአውት በፊት እዛ ላይ ነው የሚያልቀው።

እና የቱን?

እኔ አሁን ሁለት ጥያቄ ነው የምጠይቀው። የመጀመሪያው የት ነው የሚከፍተው፣ አፕ ወይስ ሊንክ? ሊንክ ከሆነ ፓወር ቢአይ ላይ ሞባይል ሌይአውት ዋጋ የለውም፣ በቀጥታ ወደ ራሱ ገጽ ሂዱ። አፕ ከሆነ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፣ ስልኩ ላይ የሚጠይቀው ጥያቄ ላፕቶፑ ላይ ከሚጠየቀው ጋር አንድ ነው ወይ?

የኔ ደንበኛ ላይ ይሄ በደንብ ነው የታየው። ባለቤቱ የሚጠይቁት ስራ አስኪያጁ ከሚጠይቀው ጋር አንድ ነው፣ ትናንት ስንት ሸጥን፣ ከእቅዱ ስንት ቀረን፣ የትኛው ቅርንጫፍ ነው ወደ ኋላ የቀረው። ጥያቄው አንድ ከሆነ ቪዥዋሉም አንድ ይሁን፣ ቁጥሩ እንዳይለያይ፣ ስለዚህ የሰራሁትን ገጽ ጥዬ ወደ ሞባይል ሌይአውት ተመለስኩ። የመጋዘኑ ኃላፊ ግን ሌላ ሰው ነው። እሷ ስለ ሽያጭ ግድ የላትም፣ መጋዘን ውስጥ ቆማ የትኛው እቃ ሊያልቅ ነው የሚለውን ነው የምትፈልገው፣ ያ ደግሞ ዴስክቶፑ ገጽ ላይ አስራ አራት ኮለመኑ ማትሪክስ ውስጥ ተቀብሯል። ለሷ ራሱን የቻለ ገጽ ሰራሁ፣ አስር እቃ ብቻ፣ ለስንት ቀን ይበቃል በሚለው የተደረደረ፣ አጭሩ ከላይ። ሌላ ምንም የለውም። አንድ ሪፖርት ሁለቱንም መንገድ መያዝ ይችላል፣ አንዱን መርጣችሁ ሁሉም ሰው ላይ እንድትጭኑ የሚያስገድዳችሁ የለም።

ምን ይቅደም

መንገዱን ከመረጣችሁ በኋላ እውነተኛው ስራ እዚህ ነው፣ ሰውም የሚሳሳተው እዚህ ነው። ብዙ ሰው ዴስክቶፑ ላይ ያለውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች በዛው ቅደም ተከተል ስልኩ ላይ ይደረድረዋል። ዴስክቶፕ ላይ ግን ከላይ ያለው ሎጎ፣ ርእስ እና ሁለት ስላይሰር ነው፣ ስለዚህ ስልኩ ሲከፈት የመጀመሪያው ስክሪን ላይ አንድም ቁጥር የለም። ሰውየው አፑን ከፍቶ የድርጅቱን ሎጎ ነው የሚያየው፣ የድርጅቱን ስም ደግሞ ያውቀዋል።

ስልኩ 360 በ800 ነው እንበል። ከላይ የሰአትና የባትሪው መስመር፣ ከዛ የአፑ ራስጌ፣ ከታች የአፑ በተኖች ሲቀነሱ ሳይንፏቀቅ የሚታየውን እኔ 600 ብዬ ነው የምይዘው፣ እንደ ስልኩ ትንሽ ይለያያል። ያቺን 600 እንደ ቦታ ኪራይ ቁጠሯት፣ ለባለቤቱ እንዲህ ነው ያከፋፈልኳት።

ከሁሉ በላይ 40 ቁመት ያላት ቀጭን መስመር፣ ዳታው እስከ መቼ እንደሆነ የምትናገር። ይሄ ስልክ ላይ ከላፕቶፕ ይልቅ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ስልክ ሰው በማንኛውም ሰአት ነው የሚከፍተው፣ ለሊትም፣ ታክሲ ውስጥም። ፕሮ ላይሰንስ ላይ ዳታው በቀን ቢበዛ 8 ጊዜ ነው በፕሮግራም የሚታደሰው፣ እኛ ደግሞ በቀን አንዴ ማታ ነው ያደረግነው፣ ያቺ መስመር ከሌለች ባለቤቱ ከሰአት በኋላ ከፍተው "ዛሬ ምንም አልሸጣችሁም?" ብለው ይደውላሉ። ደውለዋልም።

ቀጥሎ 120 ቁመት ያለው ሙሉ ወርድ የያዘ አንድ ካርድ፣ የትናንት ሽያጭ። ከስሩ 90 ቁመት ያላቸው ጎን ለጎን ሁለት ካርዶች፣ አንዱ ከእቅድ ስንት ፐርሰንት፣ ሌላው ያልተሰበሰበ ዱቤ። ዴስክቶፑ ላይ አራት ካርድ ነበር፣ አራተኛው የደረሰኝ ብዛት ነው፣ እሱን አወረድኩት። አራቱንም ጎን ለጎን ላድርግ ብትሉ ለእያንዳንዱ 90 እንኳን አይደርሰውም፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ቁጥር ደግሞ እዛ ውስጥ ሶስት ነጥብ ሆኖ ነው የሚቆረጠው።

ቁጥሩንም አሳጥሩት። 12,483,650 ስልክ ላይ ማንም አያነበውም፣ 12.5 ሚሊዮን ነው የሚነበበው። የፓወር ቢአይ የራሱ ማሳጠሪያ በላቲን M ይላል፣ ባለቤቱ ደግሞ ኤም ምንድን ነው አሉ፣ ስለዚህ መዠሩ ላይ `Format` ውስጥ ይሄን አስገባሁ፣ ካርዱ ላይ ደግሞ `Display units` የሚለውን `None` አደረግሁት፦

```
#,##0.0,,"ሚ"
```

ሁለቱ ኮማዎች ናቸው በሚሊዮን የሚያካፍሉት። ይሄ መዠሩ ላይ የሚደረግ ስለሆነ ዴስክቶፑም ላይ እንደዛው ይታያል፣ ዴስክቶፕ ላይ ሙሉውን የሚፈልግ ሰው ካለ ሌላ መዠር ስሩለት።

ከካርዶቹ በታች የቅርንጫፎቹ ቻርት። ዴስክቶፕ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ኮለመን ቻርት ነበር፣ ስልክ ላይ ሲጠብ "ባህርዳር" እና "ድሬዳዋ" የሚሉት ስሞች ተጋደሙ፣ አንገት አጣምሞ ነው የሚነበበው። ወደ ጎን የተኛ ባር ቻርት ያስፈልጋል፣ ግን ሞባይል ሌይአውት አይነት አያስቀይርም ብዬ የለ፣ ስለዚህ ዴስክቶፑን ራሱን ወደ ባር ቀየርኩት። እዛም ምንም አልጎዳውም፣ እንዲያውም ተሻለ። አምስት ቅርንጫፍ በ44 ሲባዛ 220፣ ለርእሱ 40፣ በድምሩ 260። 44 ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም፣ አፕል በጣት የሚነካ ነገር ከ44 ባያንስ ይላል፣ ጉግል 48 ይላል፣ ባሩን ነክተው ያንን ቅርንጫፍ ብቻ ማየት ስለሚፈልጉ አዳማን ሲነኩ ሀዋሳ እንዳይመረጥ ነው። አክሲሱን አጠፋሁት፣ ቁጥሩን ባሩ ጫፍ ላይ ጻፍኩት፣ ከትንሹ ጀምሮ ደረደርኩት፣ ምክንያቱም ባለቤቱ የሚፈልጉት ማን ቀደመ ሳይሆን ማን ቀረ የሚለውን ነው።

ደምሩት፣ 40 እና 120 እና 90 እና 260፣ 510 ነው፣ በመሃል ለክፍተት ስምንት ስምንት ካላችሁ ወደ 540። የቀረችው 60 ውስጥ የላይን ቻርቱ ጭንቅላት ብቅ ይላል፣ ሆን ብዬ ነው። የመጀመሪያው ስክሪን ልክ ጠርዙ ላይ ካለቀ ሰው ከታች ነገር እንዳለ አያውቅም፣ ግማሹ የተቆረጠ ቻርት ካየ ግን ጣቱ ራሱ ወደ ላይ ይገፋዋል።

ከዛ በታች ያለውን ብዙ አልተጨነቅኩበትም፣ ላይን ቻርቱ፣ የደረሰኝ ካርዱ፣ የቀን ስላይሰሩ። ዶናቱ፣ ካርታው እና ማትሪክሱ ቀሩ። ካርታው አምስት ነጥብ ነው ያለው፣ አዳማ የት እንዳለች ደግሞ ሰውየው ያውቃሉ። የቅርንጫፍ ስላይሰሩንም ተውኩት፣ ባሩን መንካት ያንኑ ስራ ይሰራል። ስላይሰር ስልክ ላይ የማታስቀምጡ ከሆነ ግን ከማተማችሁ በፊት ዴስክቶፑ ላይ የተመረጠ ነገር ካለ አጽዱት፣ ሀዋሳ ላይ ተመርጦ ቀርቶ ስልኩ ላይ የሀዋሳ ሽያጭ የድርጅቱ ሁሉ መስሎ እንዳይታይ።

ስልኩ ላይ ብቻ የሚወጣ ጉድ

ሌይአውት ሰሌዳው ላይ ያያችሁት እና ስልኩ ላይ የሚመጣው ሁሌ አንድ አይደለም፣ በተለይ በአማርኛ ስትጽፉ። ዊንዶውስ ላይ ኒያላ ወይም ኤብሪማ ነው አማርኛውን የሚያሳያችሁ፣ ስልኩ ላይ ግን እነሱ የሉም፣ አንድሮይድ ኖቶ የሚባለውን የራሱን ፎንት ነው የሚተካው፣ ስፋቱም ይለያል። ላፕቶፕ ላይ ልክክ ብሎ የገባ "ያልተሰበሰበ ዱቤ" የሚል ርእስ ስልኩ ላይ "ያልተሰበ…" ሆኖ ይቆረጣል። ለዚህ መድኃኒቱ ለአማርኛ ርእስ ከሚበቃው በላይ ሩብ ያህል ቦታ መተው ነው፣ ወይም ርእሱን "ዱቤ" ብሎ ማሳጠር። እኔ አሳጠርኩት።

ፈተናውንም በራሳችሁ ስልክ ብቻ አታድርጉት። የኔ ስልክ አዲስ ነው፣ ብሩህ ነው፣ የባለቤቱ ደግሞ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ብርሃኑ የተቀነሰ፣ የፊደል መጠኑ በሴቲንግ የጨመረ ነው። የሳቸው ስልክ ላይ ከፍቼ፣ ደጅ ጸሐይ ላይ ወጥተን፣ ምንም ሳላስረዳ "ትናንት ወደ ኋላ የቀረው ማነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ፈዛዛ ግራጫ ያደረግኩት የቅርንጫፍ ስም ጸሐይ ላይ ጭራሽ አልታየም፣ ቢሮ ውስጥ ግን ያማረ ነበር። ወደ ጥቁር ቀየርኩትና በነጋታው ደግሜ ጠየቅኳቸው፣ ሳይለጥጡ፣ ሳይጎትቱ "ድሬዳዋ" አሉና ስልኩን እዛው አንስተው ድሬዳዋ ደወሉ።

ከቀሩት ሶስት ቪዥዋሎች ውስጥ እስካሁን ተመልሶ የተጠየቀው ማትሪክሱ ብቻ ነው፣ የጠየቀችውም ሂሳብ ሰራተኛዋ ናት፣ እሷ ደግሞ ላፕቶፕ ላይ ነው የምትሰራው፣ እዛ አልነካሁትም።